ጨው፣ ሙዝ እና የግራ ጆሮዬ

መጀመሪያ የጠፋው የጀነሬተር ድምፅ ነው። ብርብር መብራት ከጠፋ ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ ጀነሬተሩን ያስነሳል፤ እኔም ላፕቶፔን ይዤ እዚያው በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። (ምዕራብ ዓባያን ለማታውቁ፣ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ ግራና ቀኝ ሙዝ በሙዝ የሚሆንበት ቦታ ነው። ብርብር ከተማችን ናት።) በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ስልክ ተደወለልኝና በቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጀነሬተሩ ጠፋ። መብራት መጣ ብዬ ቀና ስል የሱቁ አምፖል አሁንም በጀነሬተር እየበራ ነው፣ ጭሱም ይወጣል። ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳ ጉርምርምታው ተመለሰ። ደግሜ ለጠፍኩት፣ ደግሞ ጠፋ።

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና አንድ ነገር ሁለቴ ሲደገም ባግ ነው ብዬ ነው የማስበው። ግራ ጆሮዬ የብር ሳንቲም ሲወድቅ ይሰማል፣ የወፍ ድምፅ ይሰማል፣ የባጃጅ ክላክስ ይሰማል። ወፍራም ድምፅ ግን የለም። በላዩ ላይ ጆሮው ሞልቷል። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ቁልቁል ስትወርዱ ጆሮ እንደሚደፈነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ምራቅ ብትውጡም፣ ብታዛጉም፣ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ብትነፉም አይከፈትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሰዓት ላይ በዚያው ጆሮ ውስጥ እንደ ወንፊት ማሽን ያለ ጩኸት ተነሳ። ጩኸቱ እየጨመረ ሄደና ከዚያ ግድግዳው መሄድ ጀመረ። "ራሴን አዞረኝ" ስንል ብዙ ጊዜ ድካም ወይም ረሃብ ማለታችን ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው። በሩ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለስና እንደገና ይሄዳል፣ አይቆምም። ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ አልጋው ይዞኝ ይዞራል። እማዬ ገብታ ስታየኝ ወለሉን በሁለት እጄ ይዤ ተደፍቼ ነበር፤ ወለል ላይ ያለ ሰው የት ይወድቃል ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሁለት ሰዓት ያህል አስመለሰኝ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። በነጋታው ተነስቼ ስሄድ እንደ ሰካራም ትንሽ ያንገዳግደኝ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ግን ምንም የለም። ጀነሬተሩም በግራ ጆሮዬ ይሰማኝ ጀመር።

ጎረቤታችን ጋሼ "መጋኛ ነው የመታው" አሉ። የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስዶ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲነሳብኝ ሌላ ቦታ ግፊት ነው ተባልኩ፣ ግፊቴ ግን ደህና ነበር። በሦስተኛው ጆሮህ ተደፍኗል ተብዬ የሚጠባ መድኃኒት ተሰጠኝ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ በሽታው ራሱ ሰው የሚያሳስት ነው። ሐኪም ጋ ስትደርስ ማዞሩ አልፏል፣ መስማቱ ተመልሷል፣ ጆሮህን በመብራት ቢያዩት ታምቡሩ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ ነው፣ እዚያ ደግሞ በመብራት አይታይም።

አቅጣጫውን የቀየረው አርባ ምንጭ ያገኘሁት አንድ ወጣት ሐኪም ነው። ጆሮዬ በተደፈነበት ቀን ነበር የሄድኩት፤ ይሄ ዕድል ነው። "አፍህን ዝጋና 'ምምምም' በል። የት ይሰማሃል?" አለኝ። በቀኝ በኩል፣ በደህናው ጆሮ ነው የሰማሁት። "ተመልከት፣" አለኝ፣ "ጆሮህ በኩክ ወይም በፈሳሽ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ ነበር የሚሄደው።" አሁን ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፦ አንዱን ጆሮ በጣት ድፈኑና እንደዚያው በሉ፤ ድምፁ ወደ ተደፈነው ይሄዳል። የተጎዳው የውስጥ ጆሮ ሲሆን ግን ይገለበጣል፣ ድምፁ ወደ ጤነኛው ይሸሻል። ሐኪሙ በኋላ በማስተካከያ ሹካ አረጋገጠው። ይህ ዘዴ ብቻውን በሽታውን አይነግርም። ግን ከሦስት ወር የጆሮ ጠብታ ያድናል።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ማዞሩ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ነበር። ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አልጋ ላይ ስትገላበጥ ወይም ቀና ስትል የሚመጣና ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆይ ማዞር ሌላ በሽታ ነው፤ የውስጥ ጆሮ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ድንጋዮች ከቦታቸው ሲወጡ የሚመጣ ነው፣ ሐኪም ጭንቅላትህን በተወሰነ ቅደም ተከተል አዙሮ ይመልሳቸዋል። ቀን ከሌሊት ሳያቋርጥ ለቀናት የሚቆይም ሌላ ነው። የእኔ በሰዓት የሚቆጠር ነው፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐኪሙ አንድ ቃል ወረቀት ላይ ጻፈና አዲስ አበባ ላከኝ። ቃሉ "ሜኒየር" ይላል።

አዲስ አበባ የአንገት በላይ ስፔሻሊስቷ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ የመስማት ምርመራ አሠራችልኝ። ወረቀቱን እስካሁን በስልኬ ፎቶ ይዤዋለሁ። በ250 ሄርትዝ ቀኝ ጆሮዬ በ10 ዴሲቤል ሲሰማ ግራው 50 ይፈልጋል። በ500 ሄርትዝም እንደዚያው፣ 10 ለ 45። በ1000 ይጠባል። ከ2000 በላይ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ናቸው። ያ ጀነሬተር ማለት ይሄ ነው! በዕድሜ ወይም በጩኸት ብዛት የሚመጣ ድንቁርና ከላይ፣ ከቀጭኑ ድምፅ ነው የሚጀምረው፤ ይሄ ከታች ይጀምራል። ሐኪሞች በእርግጠኝነት ሜኒየር ለማለት የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ ማዞር ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በወረቀት ላይ የተመዘገበ የወፍራም ድምፅ ማጣት በአንድ ጆሮ፣ በዚያው ጆሮ የሚለዋወጥ ድፍንነት ወይም ጩኸት፣ እና ሌላ የተሻለ ምክንያት አለመኖሩ። የመጨረሻዋን ለማሟላት ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ምክንያቱም በመስማት ነርቭ ላይ የሚያድግ እብጠትም እንደዚህ ሊመስል ይችላል። የቂጥኝ ምርመራም ነበረው። እማዬ ይህን አታንብብ እንጂ ነጻ ነኝ።

ስፔሻሊስቷ "ምን ተማርክ?" አለችኝ። ዲግሪዬ ሶፍትዌር ቢሆንም ያደግኩት ከዓባያ ሐይቅ ዳር ነውና ውሃ ይገባኛል አልኳት። ሳቀችና ሥዕል ሣለች። የውስጥ ጆሮ ውስጥ ሁለት ፈሳሾች በስስ ሽፋን ተለያይተው ይኖራሉ። የውጪኛው ሶዲየም ይበዛዋል፣ የውስጠኛው ደግሞ ፖታሲየም። የውስጠኛው ያለማቋረጥ ይመረታል፣ መጠኑና ይዘቱም ተመጣጥኖ እንዲቆይ በጠባብ ቱቦ ወደ አንዲት ትንሽ ከረጢት ይገናኛል። በሜኒየር ይሄ ሚዛን ይዛባና የውስጠኛው ክፍል ያብጣል። የእኛን ሐይቅ አሰብኩ፤ ከደጋው ቀዩን አፈር ይዘው የሚገቡት ወንዞች አይቆሙም፣ መውጫ ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲሞላ የአባዬን ማሳ ዳር ይበላል። ጆሮዬ ተሞላ የምለው ስሜት እንግዲህ ምሳሌ ብቻ አልነበረም።

ማዞሩስ? ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ማብራሪያ ሽፋኑ ይቀደዳል የሚል ነው። ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ ወደ ውጪ ፈስሶ ነርቩን ይነካዋል፣ ነርቩ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አንጎል ከሁለት ጆሮ የተለያየ ወሬ ስለሚደርሰው እየዞርን ነው ብሎ ይደመድማል። ሽፋኑ ሲጠገን ፈሳሹ ይስተካከላል፣ ሁሉም ነገር ያበቃል። ሁሉንም ግን አያብራራም፤ እብጠቱ እያለባቸው በሕይወታቸው አንድ ቀን ያላዞራቸው ሰዎች አሉ።

ስሙን የሰጠው ፕሮስፐር ሜኒየር ፓሪስ ውስጥ የመስማት የተሳናቸው ተቋም ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 እንዲህ ያለው ማዞር ከአንጎል ሳይሆን ከውስጥ ጆሮ ሊመጣ ይችላል ብሎ አቀረበ። በዘመኑ ሰው ሲዞረው "ደም ወደ ጭንቅላቱ ወጣ" ተብሎ ደሙ ይቀዳ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሞተ፣ ሐሳቡ ሲከበርለት አላየም። እብጠቱ ራሱ በሞቱ ሰዎች ጆሮ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ይህን ሳነብ ታይፎይድ ያሉኝን ሰዎች ይበልጥ ይቅር አልኳቸው።

አሁን ወደ ጨው። ስፔሻሊስቷ በቀን ከ2 ግራም ሶዲየም በታች አለችኝ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሶዲየምና ጨው አንድ አይደሉም። ከጨው ክብደት 40 በመቶ ገደማው ብቻ ነው ሶዲየም፤ ስለዚህ 2 ግራም ሶዲየም 5 ግራም ጨው ነው፣ ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያንሳል። ብርብር ተመልሼ ቤታችን ስንት እንደምንበላ ለማወቅ ቀላሉን መንገድ ተጠቀምኩ። የአንድ ኪሎ ጨው ፓኬት የተከፈተበትን ቀን ጻፍኩበት። በ20ኛው ቀን አለቀ። አራት ሰው ነን። ሺህ ግራም ለ20 ሲካፈል 50፣ ለአራት ሲካፈል 12 ግራም ተኩል። ከተፈቀደልኝ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው፣ ያውም ዳቦውንና ከገበያ የሚገዛውን ሳልቆጥር። የተወሰነው ከድስት ጋር ይታጠባል፣ ልክ ቁጥር አይደለም፤ ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

ወዴት እንደሚሄድ መፈለግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። ወጡ ላይ የሚጨመረውን ሁሉም ያውቀዋል። በርበሬው ግን ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ገብቶበታል። ዳጣው ውስጥ በደንብ አለ፤ ዳጣ ያለ ጨው አይቆይም። ከሁሉም የገረመኝ የቡና ቅጠሉ ነው። እኛ ጋ ጠዋት የሚጠጣው የቡና ቅጠል በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በጨው ነው የሚፈላው። ጠዋት ሁለት ስኒ፣ ማታ ሁለት ስኒ። ካፌይንም ጨውም አንድ ላይ በጣሳ! ስኳር ስላልጨመርኩበት ጤናማ ነኝ እያልኩ ነበር የምጠጣው።

እማዬ መጀመሪያ አላመነችኝም። "ጨው የሌለው ምግብ የበሽተኛ ነው" አለች። "እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?" ስላት አኮረፈች። የተስማማነው በትንሽ ጠርሙስ ነው። እሑድ እሑድ ሦስት ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 21 ግራም ገደማ፣ ለብቻዬ ይቀመጣል። ወጡ ያለ ጨው ይሠራና የእኔ ከወጣ በኋላ የቤቱ ይጨመርበታል፤ እኔ ከጠርሙሴ እወስዳለሁ። ጠርሙሱ ሐሙስ ካለቀ፣ አለቀ። ቀሪው 2 ግራም በቀን ለዳቦውና ለበርበሬው ነው የተተወው። ስፔሻሊስቷ አጥብቃ የተናገረችው ከመጠኑ ይልቅ እኩልነቱን ነበር፤ ስድስት ቀን ጨው አልባ ሆኖ በሰባተኛው ሠርግ ቤት መግባት ጥሩ አይደለም።

መዝገብ መያዝ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ቀን፣ የቆየበት ሰዓት፣ ከመዞሩ በፊት ጆሮው ሞልቶ ነበር ወይ፣ የተኛሁት ሰዓት፣ ጠርሙሱ ምን ላይ ደረሰ። ከአመጋገብ ለውጡ በፊት በነበሩት አራት ወራት ዘጠኝ ጊዜ ተነስቶብኛል። በቀጣዮቹ አራት ወራት አራት። ደስ አለኝ፣ ለእማዬም ግራፍ ሠርቼ አሳየኋት። ከዚያ መስቀል መጣ። ጋሞ ውስጥ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አላብራራም፤ ዮ ማስቃላ ሲባል ጠርሙስ የሚያስታውስ የለም። ጥሬ ሥጋ በዳጣ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። አልጋዬ አጠገብ ባልዲ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። የመጣው በጥቅምት፣ ጠርሙሱን በትክክል በያዝኩበት ሳምንት፣ አንድ ሥራ ለማድረስ ሦስት ሌሊት በደንብ ሳልተኛ ቀርቼ ነው።

ታዲያ ጨው ይሠራል ወይ? ጨው መቀነስ የሜኒየርን ማዞር እንደሚቀንስ በጥሩ ጥናት የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ሐኪሞች የሚመክሩት ጉዳት ስለሌለውና ከፈሳሹ ታሪክ ጋር ስለሚሄድ ነው። በሽታው ደግሞ በራሱ ይጠጋጋል፣ በራሱ ይራራቃል። ሰው ሕክምና የሚጀምረው በከፋው ወር ነው፣ ከከፋው ወር በኋላ ብዙ ጊዜ የተሻለ ወር ይመጣል። ቤታሂስቲን የሚባለውን ኪኒን ብንወስድ፣ ጀርመን ውስጥ 221 ሰዎች ለዘጠኝ ወር በሦስት ቡድን ተከፍለው ተሞክሮባቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፦ ከፍተኛ መጠን፣ ዝቅተኛ መጠን፣ እና ባዶ ኪኒን። የሦስቱም ማዞር ቀነሰ፣ ባዶውን የወሰዱትም ጭምር፣ በእኩል። እኔ ከአዲስ አበባ በሰው እያስላክሁ ስገዛው የነበረው እሱን ነው። ለስፔሻሊስቷ ነግሬ አቆምኩት። ጨውን ግን አላቆምኩም፤ የእኔ ግራፍ ምንም አያረጋግጥም፣ ግን ጠርሙሱ በነጻ ነው።

በምትኩ የሰጠችኝ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፣ ለግፊት የሚሰጠው ሽንት አስወጪ ኪኒን። ይሄም ማስረጃው ደካማ እንደሆነ ራሷ ነገረችኝ። ርካሽ ነው፣ አርባ ምንጭ ይገኛል። ችግሩ ከሽንት ጋር ፖታሲየም ይወጣል። "ፖታሲየም ያለበት ነገር ታገኛለህ? ሙዝ ለምሳሌ" ስትለኝ ሳቄ መጣ። አባዬ ወሬውን ሲሰማ ለዘላለም ሲጠብቀው የነበረ ይመስል አንድ ዘለላ ተሸክሞ ገባ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 400 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም አለው፤ ሆኖም ሙዝ የደም ምርመራን አይተካም፣ ሶዲየሜና ፖታሲየሜ በየጊዜው ይታያል። አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። ኪኒኑ ራሱ ያዞራል። ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልምና ለሰከንዶች ይቀለኛል፤ ያ ግፊት መውረድ ነው። ቤቱ ከዞረ ሜኒየር ነው፣ ቤቱ ቆሞ እኔ ከቀለለኝ ኪኒኑ ነው። መዝገቤ ላይ ሁለቱን መለየት እስክጀምር ድረስ ቁጥሮቼ የተበላሹ ነበሩ።

ለጥቃቱ ቀን ፕሮሜታዚን ይዣለሁ። እሱ ማስመለሱን ያቆማል፣ ያስተኛል። በየቀኑ እንዳልወስደው ግን ተነግሮኛል፤ አንጎል የተጎዳውን ጆሮ ለማካካስ በሚማርበት ጊዜ እሱን ማደንዘዝ ትምህርቱን ያዘገያል። ሞተር ሳይክል መንዳት ትቻለሁ። ሐይቅ ዳር ብቻዬን አልሄድም፤ በዓባያ አዞ ሳይሆን በራሴ ምክንያት።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ጥቃቱ እንደገና ተጠጋጋ፣ በሳምንት ሁለቴ። ከቡድኔ ጋር በስብሰባ ላይ ሳለሁ ካሜራውን አጥፍቼ ጠረጴዛ ሥር የተኛሁበት ቀን አለ። ስፔሻሊስቷ ሁለት ነገር አቀረበችልኝ፣ ሁለቱም በታምቡር በኩል በመርፌ የሚሰጡ። አንዱ ጄንታማይሲን ነው፤ ለኢንፌክሽን የምናውቀው አንቲባዮቲክ ጆሮ ሲመርዝ የሚታወቅበትን ጠባዩን ሆን ብሎ መጠቀም ነው። የሚዛን ሴሎችን ይገድላል፣ የሚላክ የተሳሳተ ወሬ ስለማይኖር ማዞሩ ይቆማል፣ አንጎልም በሌላው ጆሮ መኖር ይማራል። ግን መስማትንም ሊነካ ይችላል። ሌላው ስቴሮይድ ነው፣ ምንም አይገድልም። እንግሊዝ ውስጥ 60 ሰዎች ላይ ሁለቱ ተወዳድረው በሁለቱም ማዞሩ 90 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ያን ጥናት ሳነብም ያው ጥያቄ መጣብኝ፣ ባዶ መርፌ የተወጋ ቡድን አልነበረም።

ጄንታማይሲኑ ያጓጓኝ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ጊዜ ተወግቶ መገላገል። ነገር ግን በዓመታት ውስጥ በሽታው ወደ ሁለተኛው ጆሮ የሚሻገርባቸው ሰዎች አሉ። ግራውን ዛሬ ከገደልኩትና ነገ ቀኙ ከጀመረ ምን ይቀረኛል? አለን ሼፐርድን አስታውሳችሁ ከሆነ፣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ፣ በዚሁ በሽታ ለዓመታት ከበረራ ታግዷል፤ ከውስጥ ጆሮው ፈሳሹ እንዲወጣ ትንሽ ቱቦ ተገብቶለት እ.ኤ.አ. በ1971 ጨረቃ ላይ ቆመ። እንደ ተስፋ ነገርኳት። "ቀዶ ሕክምናው ይሁን በሽታው በራሱ ያረፈው አይታወቅም፣" አለችኝ። ሴትየዋ እንደ እኔው ናት።

ስቴሮይዱን መረጥኩ። በጎን ተኝተህ ታምቡሩ ይደነዝዛል፣ ቀጭን መርፌ ትገባለች፣ ቀዝቃዛ ነገር ይሞላል፣ ከዚያ ሳትውጥና ሳትናገር ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጋደምክ ትቆያለህ። ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆኖኛል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተነስቶብኛል፣ 40 ደቂቃ። በመጨረሻው የመስማት ምርመራ 250 ሄርትዝ ላይ ግራዬ 35 ነው። ከ50 ይሻላል፣ ወደ 10 አልተመለሰም፣ አይመለስምም ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር ሁለቱ ጆሮዎቼ አንዱን ድምፅ በሁለት ቁልፍ ይሰሙታል፣ ግራው ትንሽ ዝቅ አድርጎ፤ ስለዚህ ከኳየር ወጥቻለሁ።

ትናንት መብራት ጠፍቶ ነበር። በረንዳው ላይ ስቀመጥ ቀኝ ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ። በየቀኑ የማደርገው ነው። ጀነሬተሩ አለ፣ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንዳለ። እማዬ ከውስጥ "ጠርሙስህ አልቋል፣ ገና ዓርብ ነው!" ብላ ጮኸች፣ እሷም ተሰማችኝ።